«ኦቨኔ ያቃጥላል»፦ ስለ ስፖንጅ ኬክ የሚባለው እውነት ወይስ ተረት?

ስፖንጅ ኬክ የኦቨንን ጉድ ያወጣል። ድፎ ዳቦ ሃያ ዲግሪ ቢበዛበት ቅርፊቱ ጠቆር ይልና ይታለፋል፤ ላዛኛ ከሆነ እንዲያውም ላዩ አረር ሲል የሚወድለት አለ። ስፖንጅ ግን እንቁላል፣ ስኳርና ዱቄት ብቻ ነው። ቅቤ አይመክተውም፣ እርሾ አያነሳውም፤ ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንቁላሉ ሲመታ የገባበት አየር ነው። ሙቀቱ ከተዛባ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ዳሩ ይደርቃል፣ መሀሉ ደግሞ ከኦቨን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እያያችሁት ቁጭ ይላል።

ያኔ ተጠያቂ ፍለጋ ይጀመራል። እንቁላሉ አሮጌ ነበር፣ ዱቄቱ ተቀይሯል፣ ልጁ በሩን ከፈተው፣ የአዲስ አበባ አየር ነው። ኦቨኑ ራሱ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲጠረጠርም «ያቃጥላል» ተብሎ ይታለፋል እንጂ በስንት ዲግሪ እንደሚያቃጥል የሚለካው ጥቂት ሰው ነው። ኦቨን ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ክብ ቴርሞሜትር ይህን ይነግራል። ግን እሱም ቢሆን የራሱ ተረቶች አሉት።

«ማዞሪያው 180 ላይ ነው፤ ስለዚህ ውስጡ 180 ነው»

ተረት። ማዞሪያው ላይ ያለው ቁጥር ለኦቨኑ የምንሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙ መፈጸሙን አይናገርም።

በአብዛኛው ባለ ማዞሪያ የቤት ኦቨን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ወይም ጣሪያው ጥግ ላይ የተያያዘ ቀጭን የብረት ዘንግ ታገኛላችሁ። ዘንጉ ፈሳሽ የተሞላ ነው። ኦቨኑ ሲሞቅ ፈሳሹ ይሰፋል፣ በቀጭን ቱቦ በኩል እስከ ማዞሪያው ጀርባ ይገፋና ኤሌክትሪኩን ያቋርጠዋል። ሲቀዘቅዝ ፈሳሹ ይሰበሰባል፣ ኤሌክትሪኩም ተመልሶ ይገናኛል። ቴርሞስታት የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዘንጉ የሚያውቀው የራሱን ጥግ ሙቀት ብቻ ነው፤ ኬኩ የሚቀመጠው ደግሞ መሀል ላይ ነው። ዘንጉ ከመያዣው ወልቆ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ከተንሸራተተ፣ ወይም ቴርሞስታቱ ከዕድሜ ብዛት ከላላ፣ መሀሉ እየነደደ እሱ «ገና ነው» እያለ ኤሌክትሪኩን ይለቃል። ሁለተኛ፣ ኦቨን አንድ ሙቀት ላይ ቆሞ አያውቅም። ይሞቃል፣ ያቋርጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። ጤነኛ የሚባለው ኦቨን እንኳ በዚህ ዑደት አሥር፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ከፍና ዝቅ ይላል። ትንሿ ቀይ መብራት የምትነግረን ኤሌክትሪኩ መግባቱንና መቋረጡን ነው። መጀመሪያ ስትጠፋ አየሩ ሞቆ ግድግዳው ገና አልሞቀም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፍተኛው መናር የሚመጣው ልክ ከዚያ በኋላ ነው። ሊጥ የሚያስገባ ሰው ግን የሚጠብቀው ይህችኑ መብራት መጥፋት ነው።

እግረ መንገዴን፣ ኤሌክትሪኩ «ስለወረደ» ኬኩ ተበላሸ የሚሉም አሉ። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 190 ሲወርድ የኦቨኑ ጉልበት በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን መቼ እንደሚያቋርጥ የሚወስነው ቴርሞስታቱ ነው። ኤሌክትሪክ መውረዱ ኬክን የሚጎዳው ኦቨኑ ሳይሞቅ ለሚያስገባ ሰው ነው፤ ከመጠን በላይ ለሚያቃጥል ኦቨን ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም።

«ኦቨኑ ካቃጠለ ኬኩን ቶሎ ማውጣት ነው»

ይህ ከሁሉም የሚጎዳው ተረት ነው፤ ምክንያቱም ስሌቱ ትክክል ይመስላል። ሙቀቱ ከበዛ ጊዜውን ማሳጠር! ለቆሎ ይሠራል። ለስፖንጅ አይሠራም።

አራት እንቁላል፣ 120 ግራም ስኳርና 120 ግራም ዱቄት ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ውስጥ እንዳለ አስቡ። ሙቀቱ 175 ገደማ ሲሆን ይህ ሊጥ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሆነው እንዲህ ነው፤ በአረፋው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎትም ገብቶ ያግዘዋል፣ ኬኩም ኩፍ ይላል። ቆየት ብሎ የእንቁላሉ ፕሮቲን ይረጋል፣ የዱቄቱ ስታርችም ውሃ ጠጥቶ ይጠነክራል። ጥሩ ስፖንጅ ማለት እነዚህ ሁለት ነገሮች ከዳር እስከ መሀል ሳይራራቁ የሄዱበት ነው፤ መጀመሪያ መነሳት፣ ወዲያው መርጋት።

አሁን ያው ሊጥ 215 ውስጥ ገባ እንበል። ብረቱን የነካው ዳር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋና ይደርቃል፤ ላዩም ቅርፊት ያበጃል። መሀሉ ገና ፈሳሽ ነው፤ ሙቀት እየደረሰው ሲመጣ መስፋት ይፈልጋል። ወደ ጎን እንዳይሄድ ዳሩ ዘግቶታል። ስለዚህ ወደ ላይ ይገፋል፣ ጉብታ ይሠራል፣ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ከውጭ ሲታይ ቡናማ፣ ከፍ ያለ፣ የበሰለ ኬክ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ «ደረሰ» ብላችሁ ብታወጡት መሀሉ ያልረጋ አረፋ ነው። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ደግፎ የሚይዘው የረጋ ግድግዳ ስለሌለም ይወድቃል። ሲቆረጥ ከስሩ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ሙጫ የመሰለ መስመር ይታያል፤ ዳሩ ደግሞ ደርቆ ይፈረፈራል። በአንድ ኬክ ላይ ጥሬም ደረቅም ካገኛችሁ እንቁላሉን አትውቀሱ።

እስኪበስል ድረስ እዚያው ማቆየትም አያዋጣም። መሀሉ እስኪረጋ ዳሩ ብስኩት ይሆናል። ላዩን በፎይል መሸፈን ቀለሙን ያድናል፤ ዳሩ እንዳይደርቅ ግን አያደርግም፤ ሙቀቱ በጎንና በታች በብረቱ በኩል እየገባ ነውና። እንዲህ ያለውን ሊጥ የሚያድነው በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያገኘው ሙቀት ልክ መሆኑ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ከመጋገር በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

«ቴርሞሜትር አስገብቼ ልዩነቱን እቀንሳለሁ፤ አለቀ»

ግማሽ እውነት። ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚሳሳተው «አለቀ» በሚለው ላይ ነው።

የአክስቴን ኦቨን ልውሰድ። ከላይም ከታችም የማሞቂያ ሽቦ ያለው፣ ማራገቢያ የሌለው የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው። «ይሄ እኮ ካበደ ቆየ፤ እኔ ግን ጠባዩን አውቀዋለሁ» ትላለች። ጠባዩን ታውቀዋለች ማለት ለድፎ ዳቦ ነው፤ ለልጅ ልጇ ልደት ስፖንጅ ስትጋግር ሁልጊዜ መሀሉን በክሬም ትደለድላለች።

ቴርሞሜትሩ ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ወይም የሚቆም፣ መርፌ ያለው ተራ ዓይነት ነው። ባትሪ የለውም። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው እንደ ሞላ ተጠምዝዘዋል፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ጥምዝማዙ ይፈታና መርፌውን ያዞረዋል። ቀርፋፋ መሣሪያ ነው። ልክ አስገብቶ በሁለተኛው ደቂቃ ማንበብ ከንቱ ነው። ይህ ቀርፋፋነቱ ግን ለኛ ይጠቅማል፤ ኬኩም ቀርፋፋ ነውና። የአየሩ ቅጽበታዊ መናር ሊጡን አይሰማውም፤ የሚሰማው የደቂቃዎቹ አማካይ ነው።

መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ የኬኩ እምብርት በሚያርፍበት ቦታ፣ ግድግዳ ሳይነካ አስቀመጥነው። ማዞሪያውን 180 ላይ አድርገን በሩን ዘጋን። ግማሽ ሰዓት አልነካነውም። ከዚያ በኋላ በየአምስት ደቂቃው በመስታወቱ በኩል እናነባለን እንጂ አንከፍትም፤ የኦቨኑ አምፖል ከተቃጠለ ስለቆየ አክስቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስልኳ መብራት ታበራለች፣ እኔ ቁጥሩን በወረቀት እጽፋለሁ። በር ተከፍቶ የሚነበብ ቁጥር የኦቨኑን ሳይሆን የወጥ ቤቱን አየር ይዞ ይመጣል።

ስናነብ በቆየንበት ጊዜ መርፌው ዝቅ ሲል 205፣ ከፍ ሲል 225 አሳየ። መሀሉ 215 ነው። ማዞሪያው 180 ሲል ኬኩ የሚያገኘው 215፤ ልዩነቱ 35 ዲግሪ።

«እንግዲያው 175 ከፈለግሁ 140 ላይ ላድርገው?» አለች አክስቴ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ማዞሪያውን 140 ላይ አድርገን እንደገና ስንጠብቅ ግን ቴርሞሜትሩ 158 አካባቢ ቀረ። 150 ላይ ስናደርገው ከ162 እስከ 182 ይመላለሳል፤ መሀሉ 172። ማለትም የኦቨኑ ስሕተት በ180 ላይ 35 ሲሆን፣ በ150 ላይ 22፣ በ140 ላይ 18 ብቻ ነው። ማዞሪያው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ውሸቱም አብሮ ያድጋል። በ180 የተለካውን ልዩነት ይዞ በ140 የጋገረ ሰው ከሚያቃጥል ኦቨን ሸሽቶ ቀዝቃዛ ኦቨን ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ አረፋው ሳይረጋ አየሩን እያፈሰሰ ኬኩ ነጣ ያለ፣ ጠፍጣፋና ድፍን ሆኖ ይወጣል። «ቴርሞሜትር ገዝቼም አልሆነልኝም» የሚባለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ስለዚህ መለካት ያለበት በሚጋገርበት ሙቀት አካባቢ ነው። ሁለት ነጥብ ካላችሁ መሀሉን መገመት ይቻላል፤ በአክስቴ ኦቨን 150 ማዞሪያ 172 ከሰጠ፣ 175 የሚገኘው ማዞሪያው ከ150 ትንሽ፣ ሁለት ዲግሪ ያህል አለፍ ሲል ነው። በዓይን የማይታይ ልዩነት ስለሆነ አክስቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ ማዞሪያው አጠገብ ነጥብ አደረገችበት። ወረቀት ይጠፋል፤ ነጥቡ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦቨናችሁ ማራገቢያ ካለው፣ ወይም የታችኛውን ሽቦ ብቻ ማብራት የሚያስችል ከሆነ፣ የምትለኩት በምትጋግሩበት አኳኋን ይሁን። ከላይና ከታች በርቶ የተለካው ቁጥር ማራገቢያው ሲሠራ አይሠራም። መደርደሪያውን አንድ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ እንኳ ንባቡን ይለውጠዋል።

«ቴርሞሜትሩ ግን አይሳሳትም»

ይሳሳታል። ርካሽ ነው፤ አንዳንዱ ከሱቅ ሲወጣ ጀምሮ የተዛባ ነው፣ አንዳንዱ ወለል ላይ ወድቆ ይዛባል። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሊፈትነው ይሞክራል። ይህ ለስጋ መውጊያው ዓይነት ቴርሞሜትር ነው የሚሆነው። የኦቨኑ ዓይነት ለመነከር አልተሠራም፤ ደግሞም በ90ዎቹ ላይ ልክ መሆኑ በ180 ልክ ለመሆኑ ዋስትና አይሆንም።

የተሻለው ፈታኝ ስኳር ነው። ተራ ነጭ ስኳር 186 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ከፎይል ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ሠርታችሁ አንድ ማንኪያ ስኳር አድርጉበት። ቴርሞሜትሩ 175 ላይ እስኪረጋ ማዞሪያውን አስተካክሉና ስኳሩን አጠገቡ ለ15 ደቂቃ አቆዩት፤ ፍሬ ፍሬ ሆኖ መቆየት አለበት። ከዚያ ቴርሞሜትሩ ከ190 ትንሽ አለፍ እስኪል ከፍ አድርጋችሁ ሌላ ስኳር አስገቡ፤ በ15 ደቂቃ መቅለጥ አለበት። «175» በሚለው ላይ ከቀለጠ ቴርሞሜትሩ አሳንሶ እያነበበ ነው። ከ190 በላይም ደረቅ ሆኖ ከቀረ አብዝቶ እያነበበ ነው።

ፈተናው ሻካራ ነው። የኦቨኑ መዋዠቅ ራሱ ስኳሩን ለጥቂት ደቂቃ 186 ሊያሻግረው ይችላል፤ ስለዚህ የአምስት ዲግሪ ስሕተትን አያሳይም። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትርን ግን ያጋልጣል፤ ለስፖንጅ የሚያሰጋውም ይህን ያህል የሚዋሸው ነው።

«መሀሉ ቁጭ ያለው በሩ ስለተከፈተ ነው»

ብዙውን ጊዜ ተረት፣ አንዳንዴ እውነት። ከሰዓቱ አንጻር ነው የሚፈረደው። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ፣ አረፋው እየሰፋ ገና ሳይረጋ በር ከተከፈተ፣ አየሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ዲግሪ ይወርድና ኬኩ ሊወድቅ ይችላል። ጊዜው ሁለት ሦስተኛ ካለፈ በኋላ ግን በአግባቡ የረጋ ስፖንጅ በር ስለተከፈተ አይወድቅም። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ በስቲኪኒ ሲወጋ ቁጭ ያለ ኬክ ከመጀመሪያውም መሀሉ አልረጋም ነበር፤ በሩ ባይከፈትም ጠረጴዛ ላይ ይወድቅ ነበር። ልጁን በከንቱ ተቆጡት።

«የአዲስ አበባ ከፍታ ነው፤ ኦቨኑ ምን አደረገ?»

እዚህ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል፤ ምክንያቱም ከፍታውም እውነት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በኬክ ውስጥ ያለ አየርና እንፋሎት የሚጫነው ስላነሰ ይበልጥ ይሰፋል፤ እርጥበቱም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ባሕር ጠረፍ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ አሠራር እዚህ ሲሠራ አረፋው ከሚገባው በላይ ተነፍቶ፣ ግድግዳው ሳስቶ፣ ሳይረጋ ይፈርሳል። ይህ መውደቅ ከሚያቃጥል ኦቨን መውደቅ በመልኩ ይለያል። በከፍታ የወደቀ ኬክ ቀለሙ ገርጣ ያለ፣ ውስጡ ቀዳዳው ሰፋፊና ሻካራ፣ ከላይ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። በሙቀት የወደቀ ደግሞ ዳሩ ጠቁሮና ደርቆ፣ መሀሉ ተሰንጥቆ ተነስቶ የተመለሰ፣ ከስር እርጥብ መስመር ያለበት ነው። ሁለቱን ምልክቶች በአንድ ኬክ ላይ ማየትም ይቻላል፤ ያኔ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሙቀቱ ነው፤ ሙቀቱ ካልታወቀ ሌላው ለውጥ ምን እንዳመጣ መለየት አይቻልምና።

ለከፍታ የሚሰጠው የተለመደው ምክር ደግሞ ሙቀቱን ከ8 እስከ 14 ዲግሪ ከፍ ማድረግ ነው፤ አረፋው ከመጠን በላይ ሳይነፋ እንዲረጋ። እንቁላሉም እስከ መጨረሻው አይመታም፤ ከመምቻው ላይ ሲወርድ ክር ሠርቶ ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋበት ደረጃ ይበቃዋል። ከ120 ግራም ስኳር አንድ አሥር ግራም መቀነስ ግድግዳውን ያጠነክረዋል። ቤኪንግ ፓውደር የሚጨምር ካለ ይቀንስ ወይም ይተወው፤ ለስፖንጅ አረፋው ራሱ በቂ ነው።

«ሙቀቱን ጨምሩ» የሚለውን ይዞ ወደሚያቃጥል ኦቨን የሚሄድ ሰው ግን ምን ይገጥመዋል? አክስቴ 175 የሚለውን አሠራር በአሥር ከፍ አድርጋ ማዞሪያውን 185 ላይ ብታደርገው ውስጡ 220 ያልፋል። በተለካው መሠረት ግን የሚያስፈልጋት 185 እውነተኛ ዲግሪ ነው፤ እሱ የሚገኘው ማዞሪያው ወደ 160 ሲጠጋ ነው። ሁለተኛው የጥፍር ቀለም ነጥብ የተደረገው እዚያ ነው።

ይህ አንድ ሌላ እንቆቅልሽም ይፈታል። አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ዲግሪ ያህል ብቻ የሚያቃጥል ኦቨን ያለው ሰው፣ ሳያውቀው የከፍታውን ማስተካከያ አግኝቷል፤ በውጭ አገር አሠራር ይጋግራል፣ ኬኩም ይሆንለታል። ያንኑ አሠራር ከነ ማዞሪያው ቁጥር ሜሪላንድ ላለች እህቱ ቢልክላት እሷም ዘንድ ይሠራል፤ የምትኖረው ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው፣ ኦቨኗም ምናልባት ልከኛ ነው።

ከፍታው የሚያመጣው አንድ የተረሳ ነገርም አለ። የውጭ አገር አሠራሮች «መሀሉ 96 ወይም 98 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል» ይላሉ። ውሃ በ92 በሚፈላበት ከተማ እርጥብ የኬክ መሀል እዚያ አይደርስም። መውጊያ ቴርሞሜትር ሰክቶ 98ን የሚጠብቅ ሰው ኬኩን እያደረቀው ነው። አዲስ አበባ ላይ 90 አካባቢ ከደረሰ፣ ላዩ በጣት ሲነካ ተመልሶ ከተነሳ፣ ዳሩም ከመጋገሪያው መላቀቅ ከጀመረ በስሏል።

«ቴርሞሜትር ካለኝ ቴክኒሻን አያስፈልገኝም»

እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት። ኦቨኑ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን የሚያበዛ ከሆነ ማዞሪያውን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። ዲጂታል ከሆነ ብዙዎቹ በማስተካከያ ዝርዝራቸው ውስጥ ልዩነቱን የሚያስገቡበት ቦታ አላቸው። አሜሪካ ያላችሁ ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ እዚያ ያሉት ብዙ ኦቨኖች የሚፈቅዱት እስከ 35 ፋራናይት ብቻ ነው፣ ይህም 19 ሴልሺየስ ገደማ ነው። ልዩነትን ወደ ፋራናይት ስትቀይሩ 32 አይደመርም፤ 20 ሴልሺየስ ልዩነት 36 ፋራናይት ልዩነት ነው። 32 የሚደመረው ሙቀቱን ራሱን ስትቀይሩ ብቻ ነው።

ቴርሞሜትር የማያድነው ኦቨንም አለ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ንባብ መካከል አርባ ዲግሪና ከዚያ በላይ ካለ፣ ማዞሪያውን የት ብታደርጉት ስፖንጁ በአንድ መጋገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ኦቨኖች ውስጥ ያልፋል። መርፌው ሳይመለስ ዝም ብሎ ከወጣ ቴርሞስታቱ አያቋርጥም ማለት ነው፤ ይህ የኬክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የእሳት አደጋ ነው፣ ሶኬቱ ይነቀል። የኦቨኑን ወለል በፎይል አልብሳችሁ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንሱትና እንደገና ለኩ፤ የሙቀቱን መንገድ ስለሚያዛባ ንባቡም ይዛባል።

ቴክኒሻን ስትጠሩ «ያቃጥላል» አትበሉት። የሚሰማው በየቤቱ ይህንኑ ስለሆነ ማዞሪያውን አዙሮ፣ ሽቦው መቅላቱን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ወረቀቱን ስጡት፤ 150 ላይ ከ162 እስከ 182፣ 180 ላይ ከ205 እስከ 225። ቅድሚያ የሚያየውም ዘንጉ ከመያዣው መውለቁን ይሁን፤ ያ ከሆነ የሚያስከፍለው ወደ ቦታው የመመለሻውን ብቻ ነው፣ አዲስ ቴርሞስታት መግዛት አያስፈልግም። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቴርሞሜትሩን አስገብታችሁ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ ቡና አፍሉለት።